አምስቱንም የጭነት መኪኖቼን ሸጬ የጻፍሁት የኢንሹራንስ ስረዛ ደብዳቤ፦ 234,000 ብር ጠይቄ 65,700 ብር የተባልሁበት ምክንያት

ጥያቄውን በዚህ መድረክ ያቀረብሁት የካቲት 2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው። የመነሻ ጽሑፌን እንዳለ አስቀምጫለሁ። ከዚያ በኋላ የመጡትን ምላሾች ግን በቁጥራቸው ቅደም ተከተል በራሴ አነጋገር እተርካቸዋለሁ፤ ክሩን ዘግይቶ የሚያገኝ ሰው ሙግቱ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ በቀላሉ እንዲከታተል ብዬ ነው።

የመነሻ ጽሑፍ

ለ14 ዓመት በጭነት ማመላለሻ ሥራ ላይ ቆይቻለሁ። ሦስት ትራከር ከነተሳቢያቸውና ሁለት ኤፍ ኤስ አር አይሱዙ ነበሩኝ፤ ትራከሮቹ ከጅቡቲ በጋላፊ በኩል ወደ አዲስ አበባ ዕቃ ሲያመላልሱ፣ አይሱዙዎቹ በአገር ውስጥ ይሠሩ ነበር። ጤናዬ ስለታወከና ልጆቼም ሥራውን ለመረከብ ስላልፈለጉ አምስቱንም ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ለአንድ ገዢ ሸጥኋቸው። ውሉም በዚያው ቀን በሰነዶች ማረጋገጫ ቀርቦ ተረጋገጠ፤ መኪኖቹንም በዚያው ቀን አስረከብሁ።

መኪኖቹ በአንድ የሙሉ ሽፋን ፖሊሲ ከሐምሌ 1 ቀን 2016 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመድነው ነበር። ለእያንዳንዱ ትራከር 109,500 ብር፣ ለእያንዳንዱ አይሱዙ 54,750 ብር፣ በድምሩ 438,000 ብር አረቦን በአንድ ጊዜ ከፍያለሁ። የሦስተኛ ወገን ክፍያ ከዚህ ውጭ ስለሆነ በእርሱ ላይ ጥያቄ የለኝም። ለኩባንያው ያስገባሁት ደብዳቤ የሚከተለው ነው፤ የኩባንያውንና የቅርንጫፉን ስም ትቼዋለሁ።

ቀን፦ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጉዳዩ፦ የኢንሹራንስ ውል እንዲሰረዝልኝና ተመላሽ አረቦን እንዲከፈለኝ ስለመጠየቅ

በድርጅታችሁ የሙሉ ሽፋን ዋስትና የገባሁላቸውን አምስት የጭነት መኪኖች በሽያጭ ያስተላለፍሁ መሆኑን እየገለጽሁ፣ ውሉ በራሴ ፈቃድ እንዲሰረዝልኝና ላልተጠቀምሁበት ጊዜ ያለው አረቦን በቀን ተሰልቶ እንዲመለስልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ስሌቴ ቀላል ነበር። 438,000 ብር ለ365 ቀን ሲካፈል በቀን 1,200 ብር ይሆናል። ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 15 ያለው፣ ጳጉሜን 5 ቀን ስትሆን፣ 170 ቀን ነው። ቀሪው 195 ቀን በ1,200 ብር ሲባዛ 234,000 ብር ይመጣል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅርንጫፉ የሰጠኝ መልስ ግን ተመላሹ 65,700 ብር እንደሆነ ብቻ የሚገልጽ ነው፤ እንዴት እንደተሰላ አልተጻፈም። ኩባንያው ለስድስት ወር ተኩል ያህል ምንም ኃላፊነት ለማይሸከምበት ገንዘብ ይህን ያህል የሚያስቀረው በምን መብት ነው? ደብዳቤዬ ላይስ የጎደለ ነገር አለ?

ምላሽ 1። የመጀመሪያው መልስ ሰጪ ከአዳማ የሆኑ የጭነት መኪና ባለንብረት ናቸው። ለጤናዬ ምሕረትን ተመኝተው፣ እርሳቸው ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ መኪና ሸጠው ምንም ሳይመለስላቸው እንደቀረ ነገሩኝ። 65,700 ብር ማግኘቴን እንደ ዕድል እንድቆጥረውና ሳይለዋወጥ ቶሎ እንድቀበል መከሩኝ። ደብዳቤ ጽፈው እንደነበር ሌላ አባል ሲጠይቃቸው በቃል ብቻ እንደጠየቁ አመኑ።

ምላሽ 2። ቀጣዩ ሰው ጥያቄዬን በሌላ መንገድ ተረዱት። መኪኖቼን ሸጬ ሌሎች ልገዛ ያሰብሁ መስሏቸው፣ ውሉን ከማሰረዝ ይልቅ አሮጌዎቹ ወጥተው አዲሶቹ እንዲገቡ በኢንዶርስመንት፣ ማለትም በዚያው ውል ላይ በሚጨመር የማሻሻያ ጽሑፍ፣ ማስደረግ እንደሚሻል በዝርዝር አስረዱኝ። በእርሳቸው ልምድ እንዲህ ሲደረግ የወጣው መኪና ቀሪ አረቦን በቀን ተሰልቶ ለገባው መኪና ይያዛል፤ ባለንብረቱም የሚጨምረው ልዩነቱን ብቻ ነው። እኔ ከሥራው ስለወጣሁ ምክሩ አይጠቅመኝም፤ ያም ሆኖ መኪና ሸጦ ሌላ ለመግዛት ላሰበ ሰው በጣም የሚረባ ስለሆነ እንዲያልፈው አልፈልግም።

ምላሽ 3። በዚህ ላይ በአንድ ኢንሹራንስ ኩባንያ የውል ክፍል ለብዙ ዓመት እንደሠሩና አሁን በጡረታ ላይ እንደሆኑ የገለጹ ወይዘሮ ገቡ። የ2ኛው ምላሽ ትክክል መሆኑን፣ ነገር ግን ጥያቄው እርሱ እንዳልሆነ በትሕትና ካሳወቁ በኋላ ሦስት ነገር ጠየቁኝ፦ የፖሊሲው የስረዛ አንቀጽ ምን ይላል፤ በዚህ የውል ዘመን ካሳ የተጠየቀበት መኪና አለ ወይ፤ የመድን ምስክር ወረቀቱንና ስቲከሮቹን መልሻለሁ ወይ። እነዚህ ሦስቱ ሳይታወቁ ስለ ገንዘቡ መነጋገር በጨለማ እንደመጓዝ ነው ሲሉ አከሉ።

ምላሽ 4። ይህ የእኔ መልስ ነው። ፖሊሲው በእንግሊዝኛ ስለተጻፈ ለልጄ አስነበብሁት። አንቀጹ ሁለት ወገን አለው። ኩባንያው ውሉን ሲሰርዝ ቀሪውን አረቦን በቀን አስልቶ ይመልሳል። ደንበኛው ሲሰርዝ ግን፣ በዚያ የውል ዘመን ካሳ ያልተጠየቀ እንደሆነ፣ ኩባንያው በአጭር ጊዜ ተመን ሠንጠረዡ መሠረት የራሱን ቀንሶ የተረፈውን ይመልሳል። ሠንጠረዡ በመጨረሻው ገጽ አለ፤ እስከ ስድስት ወር ለቆየ ውል ከዓመቱ አረቦን 70 በመቶ፣ ከስድስት እስከ ሰባት ወር ለቆየ 80 በመቶ ለኩባንያው ይቀራል ይላል። ስለ ሁለተኛው ጥያቄ፣ አንዱ ትራከር ጥቅምት ላይ አዋሽ አካባቢ ተጋጭቶ ኩባንያው የጋቢናውን ጥገና 140,000 ብር ከፍሎልኛል። ስቲከሮቹን በተመለከተ፣ የመኪኖቹን ስም ያዛወርነው ጥር መጀመሪያ ላይ ስለነበር እስከዚያ መስታወት ላይ ቆይተው ነበር፤ አስነሥቼ ከደብዳቤው ጋር ጥር 12 ቀን አስረከብሁ። በመነሻ ጽሑፌ ስለ አደጋው ያልጠቀስሁት ለመደበቅ ሳይሆን ከስረዛው ጋር ግንኙነት ያለው ስላልመሰለኝ ነበር።

ምላሽ 5። ወይዘሮዋ ተመልሰው 65,700 ብሩ ከየት እንደመጣ ገለጹት፤ በዚህ ክር ውስጥ ከሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ ይህ ምላሽ ነው። ኩባንያው በመጀመሪያ የተጋጨውን ትራከር ከስሌቱ አውጥቶታል፤ ከ438,000 ብር ላይ 109,500 ብር ሲነሣ 328,500 ብር ይቀራል። ቀጥሎ የስረዛውን ቀን ሽያጩ ከተፈጸመበት ከታኅሣሥ 15 ሳይሆን ደብዳቤዬ ገቢ ከሆነበት ከጥር 12 ወስዷል፤ ያ ደግሞ ውሉን ሰባተኛ ወሩ ውስጥ ያስገባዋል። ሠንጠረዡ ለሰባተኛ ወር 80 በመቶ ስለሚያስቀር የሚመለሰው 20 በመቶ ብቻ ነው፤ የ328,500 ብር 20 በመቶ 65,700 ብር ነው። እንግዲህ እኔ እንዳሰብሁት አንድ የተሳሳተ ስሌት ሳይሆን ሦስት የተለያዩ ውሳኔዎች እርስ በርስ ተደራርበዋል፤ እያንዳንዱም የራሱ ሙግት አለው።

ስለ አጭር ጊዜ ተመን አመጣጥም ነገሩን። አንዳንድ ባለንብረት ሥራ በሚበዛበት ወራት ብቻ ዋስትና ገብቶ፣ ሥራው ሲቀዘቅዝና መኪናውን ሲያቆም ውሉን አሰርዞ ገንዘቡን መውሰድ ይፈልጋል። የዓመት አረቦን ግን የተተመነው አደጋ የሚበዛበትም የሚቀንስበትም ወቅት አንድ ላይ ተቆጥሮ ነው። በዚህ ላይ ኩባንያው ለሽያጭ ወኪል ኮሚሽን፣ የራሱን ስጋት ለሚያካፍልበት ለጠለፋ መድን ድርሻና ለፖሊሲው ዝግጅት ገንዘብ የሚያወጣው ገና በውሉ መጀመሪያ ነው። ስለዚህ በገዛ ፈቃዱ የሚወጣ ደንበኛ በቀን ከሚደርስበት በላይ ይከፍላል። ይህን ሲያስረዱ ግን የእኔ ጉዳይ ከዚህ ጋር አንድ ነው አላሉም፤ ለጊዜው በይደር አቆዩት።

ምላሽ 6። ወጣት የሚመስሉ አንድ አባል በቁጣ ገቡ። ይህ ሁሉ ማብራሪያ የኩባንያዎችን ዘረፋ ለማስዋብ የተደረደረ ቃል ነው፤ ወይዘሮዋም ከጡረታ በኋላ ሳይቀር ለአሠሪዎቻቸው ጠበቃ ሆነዋል አሉ። አስከትለውም አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ አሮጌውን ሕግ ሙሉ በሙሉ ስለሻረው ኩባንያዎቹ በአሮጌው ሕግ ዘመን ያረቀቁት ፖሊሲ ሁሉ ዋጋ የለውም ብለው ደመደሙ። እኔ ጥያቄ አቅራቢው ነበርሁና እንዲህ ያለው ንግግር አሳዘነኝ፤ ሰው በነጻ ለሚሰጠው እውቀት ይህ አይገባውም ነበር።

ምላሽ 7። በሕግ ሙያ ላይ የሚገኙ ሰው የ6ኛውን ምላሽ በጨዋነት ግን በጥብቅ አረሙት። አዋጅ ቁጥር 1243/2013 የተካው የ1952ቱን የንግድ ሕግ በሙሉ ሳይሆን አንደኛውን፣ ሁለተኛውንና አምስተኛውን መጽሐፍ ነው፤ ስለ ኢንሹራንስ የሚደነግገው ሦስተኛው መጽሐፍ እስከ አሁን በሥራ ላይ ነው። በዚያ ሕግ መሠረት የንብረት መድን የሚገባው ንብረቱ እንዳይጠፋ ጥቅም ያለው ሰው ነው፤ ካሳውም ከደረሰው ጉዳት አይበልጥም። እኔ መኪኖቹን ሸጬ ካስረከብሁ በኋላ ቢገለበጡ የምጎዳው ገዢው እንጂ እኔ አይደለሁም፤ ስለዚህ ካሳ ብጠይቅ ኩባንያው አይከፍለኝም ነበር። በካሳ ጊዜ ጥቅም የለህም የሚባለው ሰው በተመላሽ ጊዜ ውሉ ሲሠራ ነበር ሊባል እንደማይገባው ተከራከሩ። እንዲሁም አንዱ ወገን ብቻውን አዘጋጅቶ ያቀረበው የውል ቅጽ አሻሚ በሆነ ጊዜ ላላዘጋጀው ወገን በሚጠቅም መልኩ እንደሚተረጎም የፍትሐ ብሔር ሕጉ መደንገጉን አስታወሱ። ይሁንና ፍርድ ቤት በዚህ ጉዳይ እንዲህ ይወስናል ብለው ተስፋ አልሰጡኝም።

ምላሽ 8። ወይዘሮዋ ለ6ኛው ምላሽ ስድብ ምንም ሳይመልሱ ወደ ደብዳቤዬ ተመለሱና ልብ ያላልሁትን ነገር አሳዩኝ። ውሉ በራሴ ፈቃድ እንዲሰረዝልኝ ብዬ የጻፍሁት እኔው ነኝ። ያችን ሐረግ የጨመርኋት ማንም እንዳላስገደደኝ በአክብሮት ለመግለጽ ነበር። የውል ክፍሉ ሠራተኛ ግን ደብዳቤውን ሲያነብ በሁለት ወገን ከተከፈለው አንቀጽ አንዱን መምረጥ አለበት፤ እኔም ራሴ ደንበኛው በፈቃዱ ሲሰርዝ የሚለው ወገን ውስጥ አስገባሁለት። በእርሳቸው የሥራ ዘመን የተሸጠ መኪና ሲሆን ደብዳቤው ውሉ ይሰረዝልኝ ሳይሆን የመድኑ ዕቃ ከእጄ ስለወጣ ዋስትናው ከዚህ ቀን ጀምሮ ቀሪ ሆኗል በሚል መንፈስ ተጽፎ፣ የተረጋገጠው የሽያጭ ውል ሲያያዝበት፣ በቀን ተሰልቶ የተከፈለበት ጊዜ ጥቂት አልነበረም። ግዴታ ስለሆነ ሳይሆን የክፍሉ ኃላፊ እንዲህ ሲቀርብለት ለመፍቀድ መሠረት ስለሚያገኝ ነው።

ሌላም ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። የተጋጨውን ትራከር በተመለከተ ብዙ እንዳልሟገት መከሩኝ። አምስቱም መኪኖች በአንድ ፖሊሲ ስለተያዙ፣ አንቀጹ ጠበቅ ተደርጎ ቢነበብ በዚያ የውል ዘመን ካሳ ተከፍሏልና ለአምስቱም ምንም ተመላሽ የለም ሊባል ይችላል። ኩባንያው እያንዳንዱን መኪና ለየብቻ ማየቱ ለእኔ የሚጠቅም አነባበብ ነው፤ ያንን በር ራሴ አንኳኩቼ እንዳላዘጋው ነገሩኝ። 109,500 ብር ከፍዬ 140,000 ብር ካሳ በወሰድሁበት መኪና ላይ ተመላሽ መጠየቄ ልክ እንዳልነበረም ያን ጊዜ ገባኝ።

ምላሽ 9። በመርካቶ የሚነግዱ አንድ አባል በ8ኛው ምላሽ አልተስማሙም። መሸጥም በፈቃድ የሚደረግ ነገር ነው፤ መኪናው በእሳት ቢወድም ኖሮ ሌላ ነበር፤ ቃል በመለዋወጥ የነገሩ ባሕርይ አይለወጥም አሉ። ሕግ አዋቂው ሰው መሸጥን መፈለግና ውልን ማፍረስን መፈለግ ሁለት የተለያዩ ፈቃዶች መሆናቸውን መለሱላቸው። ነጋዴው ግን ውል የፈረመ ሰው ሠንጠረዡንም አብሮ ፈርሟል በሚለው ጸኑ። እኔ የሕግ አዋቂው አስተያየት ይበልጥ ያሳምነኛል፤ የነጋዴውም ነጥብ ግን ባዶ አይደለም፤ ሠንጠረዡ ከፖሊሲው ጋር እንደተሰጠኝ አልክድም።

ምላሽ 10። ቀጥሎ አንድ የቀድሞ ሾፌርና ባለንብረት የራሳቸውን ታሪክ አመጡ። አይሱዙ መኪናቸውን በውክልና ሸጠው፣ ስም ሳይዛወር ኢንሹራንሱን አሰርዘው ተመላሹን ወሰዱ። ከወራት በኋላ መኪናው ሰው ገጭቶ መጥሪያ የመጣው ለእርሳቸው ነው፤ ሊብሬው ላይ ያለው ስም የእርሳቸው ነበርና። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ባለቤት አለመሆናቸውን አስረድተው ለመውጣት ረጅም ጊዜ ተመላለሱ። ስለዚህ የስም ዝውውሩ ሳያልቅ ዋስትናውን ማሰረዝ አደገኛ ነው፤ ኩባንያውም የሽያጭ ቀኑን አልቀበልም የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም አሉ። ይህ ለእኔ የማይመች እውነት ነበር። በእኔ ጉዳይ ዝውውሩ አልቋል፤ ሆኖም ከታኅሣሥ 15 እስከ ጥር መጀመሪያ መኪኖቹ በስሜ ሆነው በሌላ ሰው እጅ ሲነዱ ቆይተዋል።

ምላሽ 11 እና 12። ከዚህ በኋላ ሁለት አባላት ስለ ሦስተኛ ወገን ስቲከር ሙግት ገጠሙ። አንዱ ስቲከሩ ከመኪናው ጋር ለገዢው መተላለፍ ነበረበት፣ እኔም አስነሥቼ መመለሴ ስሕተት ነው አሉ። ሌላው ውል የሚታሰረው ከሰው ጋር ነው፣ ያለ ኩባንያው ፈቃድ ወደ ገዢ የሚያልፍ ነገር የለም ብለው ተቃወሙ። ንግግሩ እየከረረ ሄዶ አንዱ ሌላውን ሰነድ ሳያነብ የሚናገር ደላላ ብለው ጠሩት፤ የመድረኩ አስተባባሪም ወደ ጥያቄው እንዲመለሱ ጠየቁ። ሁለቱ አልተስማሙም። ለእኔ የጠቀመኝ ወይዘሮዋ በመካከል የጣሉት አንድ ሐሳብ ነው፤ ስቲከሩ መስታወት ላይ እስካለ ድረስ ኩባንያው ለተጎዳ ሰው መልስ መስጠት ይገደድ ይሆናል ብሎ ስለሚሰጋ፣ የስረዛውን ቀን ስቲከሩ ከተመለሰበት ቀን ጋር ማያያዝ የተለመደ አሠራር ነው። እኔ ለ27 ቀን ዘግይቻለሁ።

ምላሽ 13። አንዲት የሂሳብ ባለሙያ ስሌቱን በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር መርምረው አስተካከሉልኝ። ፖሊሲው የተጻፈው በፈረንጆቹ ዘመን ከጁላይ 8 ቀን 2024 እስከ ጁላይ 7 ቀን 2025 ነው፤ የሽያጭ ውሌ ደግሞ በእኛው አቆጣጠር ነው። በእኛ ወር የሚቆጥር ሰው ስድስቱ ወር በታኅሣሥ 30 ያበቃል ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ ጳጉሜን የት እንደሚያስገባትም ይቸገራል። በፖሊሲው ወር ግን ስድስተኛው ወር የሚያበቃው ጃንዋሪ 7 ቀን፣ ማለትም በገና ዕለት ታኅሣሥ 29 ነው። ሽያጩ ከገና ሁለት ሳምንት በፊት ነበር፤ ደብዳቤው የገባው ግን በጥምቀት ማግሥት ነው። ከገና በፊት ባስገባው ኖሮ በአጭር ጊዜ ተመንም ቢሆን 30 በመቶ፣ ማለትም 98,550 ብር አገኝ ነበር። በዓሉ ይለፍና ቀስ ብዬ እጽፋለሁ ማለቴ 32,850 ብር አስወጣኝ።

ምላሽ 14። አንድ ሰው መኪኖቹ በባንክ ብድር የተገዙ ከሆነ ያለ ባንኩ የስምምነት ደብዳቤ ተመላሽ እንደማይከፈል አስታወሱ። የእኔ ዕዳ ቀድሞ ስላለቀ አልነካኝም።

ምላሽ 15። ይህ ደግሞ የእኔ ነው። የተሰጠኝን ምክር ሰብስቤ ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፍሁ። በዚህ ጊዜ በእጅ ለቅርንጫፉ ሠራተኛ ሰጥቼ አልሄድሁም፤ በመዝገብ ቤት አስገብቼ ግልባጩ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደረግሁ፤ ለዋናው መሥሪያ ቤት የውል ክፍልም ግልባጭ አደረግሁ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው።

ጉዳዩ፦ በሽያጭ ምክንያት ዋስትናቸው ቀሪ የሆኑ መኪኖችን ተመላሽ አረቦን ይመለከታል

የፖሊሲ ቁጥሩ ከላይ በተገለጸው ውል የተመደኑት፣ የሰሌዳና የሻንሲ ቁጥራቸው በአባሪው የተዘረዘረው መኪኖች ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም. በተረጋገጠ ውል ተሸጠው ለገዢ የተላለፉ ስለሆነ፣ ከዚያ ቀን በኋላ በንብረቶቹ ላይ ሊመደን የሚችል ጥቅም የለኝም። ጥር 12 ቀን ባቀረብሁት ደብዳቤ የተጠቀሰው በራሴ ፈቃድ የሚለው ሐረግ ይህንኑ ሽያጭ ለማሳወቅ የተጻፈ እንጂ ንብረቶቹ በእጄ እያሉ ውሉን ለማቋረጥ የቀረበ ጥያቄ አይደለም። ስለሆነም ካሳ ያልተጠየቀባቸው አራት መኪኖች አረቦን 328,500 ብር በቀን ተሰልቶ የ195 ቀን ቀሪ 175,500 ብር እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። የስረዛው ቀን ስቲከሩ የተመለሰበት ጥር 12 ነው የሚባል ከሆነ የ168 ቀን ቀሪ 151,200 ብር ነው። የአጭር ጊዜ ተመን ይሠራል የሚባል ከሆነም ከሽያጩ ቀን ጀምሮ ተሰልቶ 98,550 ብር ሊሆን ይገባል። ውሳኔው ከነስሌቱ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ።

ከደብዳቤው ጋር የተረጋገጠውን የሽያጭ ውል፣ በገዢው ስም የዞሩትን ሊብሬዎች ቅጂ፣ የአረቦን ክፍያ ደረሰኙንና የስቲከር መረከቢያውን አያይዤአለሁ።

ምላሽ 16። የመርካቶው ነጋዴ ሦስት አማራጭ በአንድ ደብዳቤ ማቅረብ ድክመት ያሳያል፤ ኩባንያው ዝቅተኛውን ይመርጣል አሉ። ሕግ አዋቂው ተቃራኒውን ያዙ፤ አማራጮቹ ኩባንያው 65,700 ብር ላይ ለመቆም በየደረጃው መልስ እንዲሰጥ ያስገድዱታል አሉ። ወይዘሮዋ ሁለቱንም አልደገፉም፤ አቤቱታው በቅርንጫፍና በዋናው መሥሪያ ቤት ካልተፈታ ዘርፉን ለሚቆጣጠረው ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በጽሑፍ ማመልከት እንደሚቻል ብቻ ጠቆሙኝ። የ6ኛው ምላሽ ባለቤትም በዚህ ላይ ተመልሰው ወይዘሮዋን ይቅርታ ጠየቁ፤ ይህን መመዝገብ ተገቢ መስሎ ታየኝ።

ምላሽ 17። ከሦስት ሳምንት በኋላ ውጤቱን ለማሳወቅ ተመለስሁ። ዋናው መሥሪያ ቤት የሽያጩን ሰነዶች ተቀብሎ አረቦኑ በቀን እንዲሰላልኝ ፈቅዷል፤ ቀኑን ግን ከጥር 12 ቀን ይዞ 151,200 ብር አድርጎታል። ምክንያቱንም በጽሑፍ ሰጥቶኛል፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ምስክር ወረቀቱና ስቲከሩ ስላልተመለሱ ከኃላፊነት ነጻ አልነበርንም ይላል። ከመጀመሪያው መልስ ጋር ሲነጻጸር 85,500 ብር ተጨምሯል። በመካከላችን የቀረው የ27 ቀን፣ 24,300 ብር ነው።

ምላሽ 18። ከአዳማ የሆኑት የመጀመሪያው መልስ ሰጪ ደስታቸውን ገልጸው፣ እርሳቸውም የዚያን ጊዜ በጽሑፍ ጠይቀው ቢሆን ኖሮ ሲሉ ተቆጩ። ያለፈውን አሁን መጠየቅ ይቻል እንደሆነ ለጠየቁትም ሕግ አዋቂው መጀመሪያ የፖሊሲውን ቅጂ ፈልገው እንዲያገኙ ነገሯቸው፤ ቅጂው ግን የለም።

ምላሽ 19። ሕግ አዋቂው ለእኔም አንድ ነገር አሳሰቡኝ። ቼኩ ሲሰጠኝ የሚቀርብልኝ የመቀበያ ቅጽ ከዚህ በኋላ ከኩባንያው ምንም እንደማልጠይቅ የሚያረጋግጥ ቃል ካለበት፣ ፈርሜ የ27 ቀኑን መጠየቅ አልችልም። ክፍያውን ተቀብዬ ቀሪው ጥያቄዬ እንደተጠበቀ ነው ብዬ ቅጹ ላይ ልጽፍ ብል ደግሞ ኩባንያው ቼኩን ሊይዘው ይችላል። ወይዘሮዋ በዚህ ላይ አቋማቸው ግልጽ ነበር፤ ስቲከሩ ባልተመለሰበት ጊዜ ላይ ያለኝ ሙግት ደካማ ስለሆነ ፈርሜ እንድጨርስ መከሩኝ። የሂሳብ ባለሙያዋ ደግሞ 24,300 ብር ቀላል ገንዘብ እንዳልሆነ፣ የሽያጭ ውሉም የመንግሥት ማረጋገጫ ማኅተም ያለበት ሰነድ እንደሆነ አስታወሱኝ።

ቅጹ ትናንት ደርሶኛል። ያ ቃል በሁለተኛው አንቀጽ አለበት። እስከ ዓርብ ድረስ መልስ እንድሰጥ ስለተጠየቅሁ፣ እንዲህ ያለውን ቅጽ ከነማስታወሻው ፈርሞ ክፍያውን የተቀበለ ሰው ካለ እንዴት እንደጻፈው እንዲነግረኝ እጠይቃለሁ።